ከእኛ ጋር የተወለደው ምንድን ነው? ሎክና ላይብኒዝ በአንድ የፈተና ማስታወሻ ላይ

የእህቴ ልጅ የፍልስፍና ፈተናዋ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ በኩል «ራሽናሊስቶች» ብላ ከሥሩ ዴካርትንና ላይብኒዝን አስገብታለች፤ በቀኝ በኩል «ኢምፔሪሲስቶች» ብላ ሎክንና ሂዩምን። ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። የእውቀት ምንጭ፦ አእምሮ፣ ስሜት ሕዋሳት። አብሮን የሚወለድ ሐሳብ፦ አለ፣ የለም። ሕፃን ሲወለድ፦ እውቀት ይዞ፣ ነጭ ወረቀት ሆኖ። ከግርጌ ደግሞ ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ «የሎክ ትችት»፣ «የላይብኒዝ መልስ»፣ «ሎክ መልሶ ምን አለ?» የሚሉ። የመጨረሻው ሳጥን ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼን ብሸመድድ ይበቃኛል?» አለችኝ።

ይህንን ትምህርት ለዓመታት ሳስተምርና የፈተና ወረቀት ሳርም ስለኖርኩ ሰንጠረዡን አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ከተማሪ ወደ ተማሪ እየተገለበጠ ይተላለፋል። የማለፊያ ነጥብ ያስገኛል። ግን የክርክሩን ልብ ያወጣና ቅርፊቱን ያስቀራል፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሎክና ላይብኒዝ በዚህ ጉዳይ ላይ የተከራከሩት ክርክር በፍልስፍና ታሪክ ውስጥ በጣም ግልጽ ከሆኑት አንዱ ነው። አንድ ተራ ሰው ከሰዓት በኋላውን ሰጥቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊከታተለው ይችላል።

በሦስተኛው መስመር ጀመርን፤ ስሕተቱ እዚያ ጎልቶ ይታያልና። ሕፃን እውቀት ይዞ ይወለዳል ያለ ራሽናሊስት ማን ነው? ዴካርት በ1641 ባሳተመው «ማሰላሰሎች» ውስጥ በአእምሯችን ያሉትን ሐሳቦች በሦስት ይከፍላቸዋል፤ ከውጭ የሚመጡብን፣ ራሳችን የምንፈጥራቸው፣ አብረውን የተወለዱ። ምሳሌ አድርጎ ፀሐይን ያነሣል። ዓይናችን የሚያሳየን ፀሐይ አነስ ያለች ክብ ናት። የሥነ ፈለክ ሊቅ በስሌት የሚደርስባት ፀሐይ ግን ከምድር ብዙ ጊዜ ትበልጣለች። ሁለተኛዋን ፀሐይ ማንም በዓይኑ አላያትም፤ በማሰብ ነው የተደረሰባት። ስለዚህ አእምሮ ከስሜት ሕዋሳት ከተቀበለው በላይ የሆነ ነገር ከራሱ ያዋጣል ይላል። ይህ ማለት ግን አራስ ሕፃን ተኝቶ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሦስት ማዕዘን ይመራመራል ማለት አይደለም። እንዲህ ብለው ለተረዱት በ1648 በጻፈው አጭር መልስ በቤተሰብ በሚወረስ በሽታ ይመስልላቸዋል። ሪህ በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ አብሮ ይወለዳል እንላለን፤ ልጆቹ ግን በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ በሪህ አይሰቃዩም። የተወለደው ዝንባሌው ነው፤ በሽታው ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል።

«እንዲህማ ከሆነ ማን ይቃወማል?» አለች። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሎክም የተነሣው ከዚሁ ላይ ነው።

ወደ ሎክ ከመግባታችን በፊት በአንድ ቃል ላይ ትንሽ መቆም ነበረብን። በአማርኛ «ሐሳብ» ስንል ብዙ ነገር እናጭቅበታለን። ጭንቀትም ሐሳብ ነው፣ አስተያየትም ሐሳብ ነው፣ ዕቅድም ሐሳብ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ግድ ይላል። አንዱ ጽንሰ ሐሳብ ነው፤ «ክብ»፣ «እኩል»፣ «እግዚአብሔር» እንደሚሉት ያለ። ሌላው መርህ ነው፤ «አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሊሆንም ላይሆንም አይችልም» እንደሚለው እውነት ወይም ሐሰት የሚባል ሙሉ አረፍተ ነገር። ሎክ ይህንን ልዩነት እንደ መሣሪያ ይጠቀምበታል። መርሁ አብሮን ከተወለደ የተሠራባቸው ጽንሰ ሐሳቦችም አብረውን መወለድ አለባቸው፤ ግን «መቻል»ና «አንድነት» የሚባሉትን ረቂቅ ጽንሰ ሐሳቦች የያዘ አራስ ማን አይቷል? ሁለቱን ሳይለይ ሎክን የሚያብራራ ተማሪ ግማሹን መከራከሪያ ሳያየው ያልፋል።

እንግሊዛዊው ሐኪምና ፈላስፋ ጆን ሎክ ስለ ሰው ልጅ ማስተዋል የጻፈው ትልቅ ድርሳን ርዕስ ገጹ ላይ 1690 ይላል። የመጀመሪያው መጽሐፍ በሙሉ አብሮ የሚወለድ ሐሳብን ለማፍረስ የተጻፈ ነው። ዋናው ክርክር መንታ መንገድ ነው። አንድ እውነት ከልደት ጀምሮ በአእምሯችን ውስጥ አለ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? ሕፃኑ ያውቀዋል ማለታችሁ ከሆነ ነገሩ በግልጽ ሐሰት ነው፤ ሕፃናትም የአእምሮ ዕድገታቸው ውስን የሆነ ሰዎችም ያንን መርህ ሰምተውት አያውቁም፣ ቢነገራቸውም አይገባቸውም። የለም፣ ሕፃኑ አሁን ባያውቀውም ወደፊት ሊያውቀው ይችላል ማለታችሁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ እውነት ቢሆንም ባዶ ነው። ሰው ወደፊት ሊያውቅ የማይችለው ምን እውነት አለ? በዚህ መለኪያ የሱቅ ዋጋም የጎረቤት ስምም አብረውን ተወልደዋል ማለት ነው።

ሦስተኛ መውጫ የሚፈልጉ ሰዎች «ልጁ ለአቅመ ማሰብ ሲደርስ ያምንበታል» ይላሉ። ሎክ ለዚህም መልስ አለው። ልጅ እናቱ ከሚጫወትባት ድመት የተለየች መሆኗን፣ መራራው መድኃኒት ስኳር አለመሆኑን ገና በጨቅላነቱ ያውቃል። አጠቃላዩን መርህ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚሰማው፤ ጨርሶ ሳይሰማው አርጅቶ የሚሞትም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ነጠላው እውቀት ነው፤ መርሁ ከዚያ ይለቀማል።

እዚህ ላይ የእህቴን ልጅ ወረቀት ተቀብዬ «የለም» ከሚለው ቃል ጎን ሁለት ነገር ጻፍኩ። አንደኛ፣ ሎክ ችሎታ አብሮን እንደሚወለድ አይክድም። ማየት፣ ማስታወስ፣ ማነጻጸር፣ መለየት፤ እነዚህ ሁሉ ለእሱ የተፈጥሮ ስጦታዎች ናቸው። ደስታን መሻትና ሥቃይን መሸሽ እንኳ አብሮን ይወለዳል ይላል፤ ግን እነዚህ ዝንባሌዎች እንጂ በማስተዋል ላይ የተጻፉ እውነቶች አይደሉም። ሁለተኛ፣ ለሎክ «ልምድ» ማለት ስሜት ሕዋሳት ብቻ አይደሉም። አእምሮ ወደ ራሱ ተመልሶ ሥራውን ሲመለከት፣ ማለትም ስጠራጠር፣ ሳምን፣ ስፈልግ ራሴን ስታዘብ የማገኘው ጽንሰ ሐሳብም ልምድ ነው። ይህንን ሁለተኛ ምንጭ የዘለለ መልስ ብዙ ጊዜ ነጥብ ሲያጣ አይቻለሁ፤ ለላይብኒዝ መልስ በሩን የሚከፍተውም እሱ ነው።

ጀርመናዊው ጎትፍሪድ ላይብኒዝ የሎክን ድርሳን በደንብ ያነበበው በ1700 ወደ ፈረንሳይኛ ሲተረጎም ነው። (ላይብኒዝ ለእኛ አገር አንባቢ ጨርሶ ባዕድ አይደለም፤ ከአባ ጎርጎርዮስ ዘንድ ግዕዝና አማርኛ ከተማረው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ቋንቋዎች ይጻጻፍ ነበር።) የሎክን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ እየተከተለ በሁለት ሰዎች ምልልስ መልክ መልስ ጻፈ። ሎክ ግን በጥቅምት 1704 ሞተ። ላይብኒዝም የሞተ ሰው መልስ በማይሰጥበት ክርክር ማሳተሙን ትቶ ጽሑፉን አስቀመጠው። መጽሐፉ የወጣው ሁለቱም ካለፉ በኋላ፣ በ1765 ነው። በወረቀቱ ግርጌ ያለው ሳጥን ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

የላይብኒዝ መልስ በእብነ በረድ ምሳሌ ይጀምራል። አንድ ቀራጺ ሁሉ ነገሩ ወጥ የሆነ ድንጋይ ቢሰጡት የፈለገውን ምስል ሊቀርጽበት ይችላል፤ ድንጋዩ ለሄርኩለስም ለሌላ ምስልም እኩል ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ውስጥ የሄርኩለስን ቅርጽ ተከትለው የሚሄዱ ሥሮች ቢኖሩስ? ያኔ ምስሉ በሆነ መንገድ በድንጋዩ ውስጥ አለ። ሥሮቹን ለመግለጥና ለማጽዳት መዶሻና ላብ ያስፈልጋል፤ ግን ድንጋዩ ወደዚያ ምስል ያዘነበለ ነው። በሎክ ሁለት መንገዶች መካከል ላይብኒዝ የቆፈረው ሦስተኛ መንገድ ይህ ነው። በሕፃኑ አእምሮ ውስጥ ያለው የታወቀ እውነት አይደለም፤ ባዶ ችሎታም አይደለም። ሁሉን ለመቀበል እኩል ዝግጁ ከመሆን ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበል ይለያል። ስለ እናትና ስለ ድመት የተነሣውንም አይፈራውም። ስንራመድ ጡንቻችንንና ጅማታችንን አናስባቸውም፤ ያለ እነሱ ግን አንራመድም። ሕፃኑም መርሁን መናገር ባይችልም መራራውን ከጣፋጭ ሲለይ በመርሁ እየሠራ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ማስረጃ ይጠይቃል። ምሳሌው ያምራል፤ ግን አእምሯችን ሥር ያለው ድንጋይ መሆኑን በምን እናውቃለን? የላይብኒዝ ጠንካራ ማስረጃ ያለው እዚህ ነው፤ ሰንጠረዡም ፈጽሞ ያላነሣው ይህንኑ ነው። ሎክ ብዙ ጉልበቱን ያፈሰሰው «ሁሉም ሰው ይስማማበታል» የሚለውን ክርክር በማፍረስ ላይ ነው፤ ላይብኒዝ ግን በዚያ ላይ ብዙም አይደገፍም። እሱ የሚደገፈው «ግድ መሆን» ላይ ነው። ስሜት ሕዋሳት የሚሰጡን ምሳሌዎችን ነው፤ ይህ ሆነ፣ ያም ሆነ፣ ዛሬም ሆነ። ሺህ ምሳሌ ቢደረደር ግን ነገሩ ወደፊትም የግድ እንዲሁ መሆን እንዳለበት አያረጋግጥም። የሚያነሣው ምሳሌ ለእኛ ልብ ይቀርባል። ሰዎች በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቀን ወደ ሌሊት ሌሊትም ወደ ቀን ሲለወጥ ሁልጊዜ አይተዋል፤ ይህ የትም እንዲሁ ነው ብለው ቢደመድሙ ግን ይሳሳታሉ፤ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ባለችው በኖቫያ ዘምልያ ሌላ ነገር ታይቷልና። እኛ ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን የምንቆጥረው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ለቀን አሥራ ሁለት ለሌሊት የምንሰጠው፣ በአገራችን ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ስለሆኑ ነው። በሰሜን ኖርዌይ በበጋ የሚኖር ወገናችን እኩለ ሌሊት ላይ ፀሐይ ያያል። ለብዙ ዘመን በተከማቸ ልምድ ላይ የቆመው ቆጠራችን እዚያ አይሠራም። የሂሳብ እውነት ግን እዚያም ይሠራል፤ እዚያ መሄድ ሳያስፈልገን ይህንን እናውቃለን። ከየት አወቅነው?

የእህቴ ልጅ ይህ ክፍል ረቂቅ ሆነባትና ታናሽ ወንድሟን ጠራነው፤ አሥር ዓመቱ ነው። ያደረግነው ከፕላቶ «ሜኖን» የተወሰደ ነው፤ እዚያ ሶቅራጥስ ጂኦሜትሪ ያልተማረ አንድ ወጣት አገልጋይ ጠርቶ ይጠይቃል። ላይብኒዝም ይህንን ታሪክ ይወደዋል። ወረቀቱን ገለበጥንና ከኋላው ጎኑ ሁለት ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ሣልን። «ስንት ትንንሽ ካሬ ይይዛል?» «አራት።» «እጥፉን የሚይዝ፣ ስምንት የሚሆን ካሬ ብፈልግ ጎኑ ስንት ይሁን?» ልጁ ሳያመነታ «አራት» አለ፤ ጎኑን አጠፈው። ሣልንለት። ቆጠረ፤ አሥራ ስድስት። ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲያው ሦስት» አለ። ቆጠረ፤ ዘጠኝ። ከዚያ ዝም አለ። የፕላቶው ልጅ የሄደውም በዚሁ መንገድ ነው፤ አራት፣ ሦስት፣ ዝምታ።

ከዚያ በአሥራ ስድስቱ ካሬ ውስጥ ያሉትን አራት ባለ አራት ካሬዎች አሳየነውና እያንዳንዱን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ቆረጥንለት፤ አራቱ ሰያፎች ተገናኝተው መሐል ላይ የተዘናፈለ ካሬ ሠሩ። «ውስጥ ስንት ግማሽ አለ?» «አራት ግማሽ።» «አንዱ ግማሽ ስንት ይይዛል?» «ሁለት።» ትንሽ ቆየና «ስምንት ነው!» አለ። ስምንት ብለን የነገርነው የለም።

እህቱ ግን ማስመሪያ አንሥታ ሰያፉን ለካች። 2.8 ሴንቲሜትር። በስልኳ አባዛችው፤ 7.84። «ስምንት አይደለም እኮ» አለች። ይህ ቅጽበት ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይጠቅማል። ማስመሪያው «ወደ ስምንት ይጠጋል» ይላል፤ በተሻለ ማስመሪያ ብትለካ የበለጠ ይጠጋል፤ ግን «በትክክል ስምንት ነው፣ በማንኛውም ካሬ ላይ የሰያፉ ካሬ እጥፍ ነው» ሊል አይችልም። ልጁ ያለው ይህንኑ ነው፤ አራት ግማሾችን ቆጥሮ። ሥዕሉ ጠማማ ቢሆን እንኳ ክርክሩ አይጠምም። ላይብኒዝ ይህን ያህል እርግጠኝነት ከዓይን አልመጣም ይላል፤ ዓይን ያደረገው አእምሮ በውስጡ ያለውን እንዲያወጣ ማነሣሣት ነው።

ለሎክ ፍትሐዊ እንሁን ካልን ግን እዚህ አያበቃም። በፈተና ላይ «ኢምፔሪሲስቶች ሂሳብን ማስረዳት አይችሉም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የሎክን አራተኛ መጽሐፍ አላየም። እዚያ ሎክ ሂሳብ እርግጠኛ እውቀት ነው ይላል። እውቀት ማለት ጽንሰ ሐሳቦች እርስ በርስ መስማማታቸውን ወይም መጣላታቸውን ማስተዋል ነው። ካሬ፣ ግማሽ፣ እኩል የሚሉት ጽንሰ ሐሳቦች በልምድ ይመጡና አእምሮ ያነጻጽራቸዋል፤ መስማማታቸውን አንዴ ካየ ማስመሪያ አያስፈልገውም። ስለዚህ የማስመሪያው 7.84 ሎክን አይጥለውም። ማቴሪያሉ ከየት መጣ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ እርግጠኝነቱ ከየት መጣ የሚለው ሌላ። ሎክ ለመጀመሪያው «ከልምድ»፣ ለሁለተኛው «ከማነጻጸር» ይመልሳል። ላይብኒዝም ወዲያው ይከተለዋል፤ ፍጹም እኩል የሆነ ነገር በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ? አእምሮ ወደ ራሱ ሲመለከት ጽንሰ ሐሳብ ያገኛል ካልህስ፣ ያ ራሱ አብሮን የተወለደ ነገር አይደለም? በእኔ ግምት ሁለተኛው ጥያቄ ሎክን ከመጀመሪያው ይልቅ ያስቸግረዋል።

ስለ ሂዩም በአጭሩ ነገርኳት። በ1748 በወጣው መጽሐፉ ግርጌ ማስታወሻ ላይ «አብሮ የተወለደ» የሚለው ቃል ራሱ በደንብ አልተተረጎመም ይላል። ከሌላ ያልተቀዳ፣ የመጀመሪያ ማለት ከሆነ፣ በቀጥታ የሚሰማን ሁሉ፣ ሕመምም ቀለምም ቁጣም፣ አብሮን የተወለደ ነው፤ ከእነዚህ የተቀዱት ሐሳቦች ግን አይደሉም። እንግዲህ በሂዩም ስም ፊት ለፊት ያለው «የለም» ራሱ ማብራሪያ የሚፈልግ «የለም» ነው። ሁለቱ ስሞች፣ ራሽናሊስትና ኢምፔሪሲስት፣ በኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ሰዎቹን ለመመደብ ያወጧቸው እንደሆኑም ነገርኳት፤ ሎክ ራሱን በዚያ ስም ጠርቶ አያውቅም።

ከመሄዷ በፊት ሰንጠረዡን አልቀደደችውም፤ ሦስተኛውን መስመር ብቻ ሰረዘችው። በባዶው ሳጥን ላይ ሎክ ቢኖር የሚለውን በራሷ ቃል እንድትሞላ ጠየቅኳት። ብዙ አሰበችና ጻፈች፦ «ካሬ ምን እንደሆነ ከማየት ተማርኩ። አራት ግማሽ ሁለት ሙሉ መሆኑን ያስተዋልኩት በአእምሮዬ ነው። ማስተዋያው ችሎታ አብሮኝ ተወልዷል፤ ያስተዋልኩት እውነት ግን ያወቅሁት ዛሬ ነው።» ሎክን በደንብ ይመስላል፤ ፈተና ላይ ቢመጣልኝ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

«ላይብኒዝ ለዚህ ምን ይላል?» አልኳት። ሳጥኑ ሞልቷል። ወረቀቱን ገለበጠችና ከወንድሟ ካሬዎች አጠገብ በቀረው ክፍት ቦታ ላይ መጻፍ ጀመረች።